ለየቱ ነው “ኦኬ” የተባለው?

አንድ ሰው “አዎ”፣ “እሺ” ወይም “ቀጥል” ብሎ ሲመልስ ቃሉ ራሱ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። ትርጉሙን የሚያገኘው ከፊቱ ከተነገረው ነው። ከፊቱ የተነገረው ነገር አንድ ሲሆን ችግር የለም። ሁለትና ሦስት ሲሆን ግን ሰሚው የሚጠብቀውን መርጦ መልሱን እዚያ ላይ ይለጥፈዋል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ከሁሉ በላይ በግልጽ የሚታየው እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔን ካናሪ ደሴቶች፣ በቴነሪፌ ሎስ ሮዴዎስ አውሮፕላን ማረፊያ በተቀዳ የሬዲዮ ንግግር ላይ ነው።

የዚያን ቀን በላስ ፓልማስ አውሮፕላን ማረፊያ ቦምብ ስለፈነዳ ብዙ አውሮፕላኖች ወደ ሎስ ሮዴዎስ እንዲዞሩ ተደርገው ነበር። ትንሹ ማረፊያ በመጨናነቁ የኬኤልኤምና የፓን አም ሁለት ቦይንግ 747ዎች ለመነሳት በዋናው ማኮብኮቢያ ላይ መጓዝ ነበረባቸው። ኬኤልኤም ጫፍ ደርሶ ዞሮ ቆመ። ፓን አም ገና ከማኮብኮቢያው አልወጣም። በመካከላቸው ጭጋግ ስለወረደ አይተያዩም፤ የመቆጣጠሪያ ማማውም ሁለቱንም አያይም።

የኬኤልኤሙ ረዳት አብራሪ በአንድ ንግግር ሁለት ነገር ተናገረ፦ ለመነሳት ዝግጁ ነን፣ የበረራ መስመር ፈቃዳችንንም እየጠበቅን ነው። የመስመርና የመነሳት ፈቃድ ለየብቻ የሚሰጡ ናቸው። አንዱ ከተነሱ በኋላ በየት አቅጣጫ እንደሚበሩ የሚነግር ሲሆን፣ ሌላው አሁን ተነሱ የሚል ነው። ማማው የሰጠው የመስመሩን ፈቃድ ብቻ ነበር። ነገር ግን በመመሪያው ውስጥ “ከተነሳችሁ በኋላ ወደ ቀኝ ታጠፉ” የሚል ስለነበረበት “መነሳት” የሚለው ቃል በካፒቴኑ ጆሮ ገባ።

ረዳቱ መመሪያውን መልሶ ሲያነብ መጨረሻ ላይ አንድ ሐረግ ጨመረ። እንግሊዝኛው ጎርባጣ ስለነበር “መነሻው ላይ ነን” ተብሎም “እየተነሳን ነው” ተብሎም ሊሰማ ይችላል። ማማው “ኦኬ” አለ።

ይህ “ኦኬ” ለየቱ ነው? መስመሩን በትክክል አንብባችኋል ማለት ሊሆን ይችላል። መነሻው ላይ መቆማችሁን ሰማሁ ማለትም ሊሆን ይችላል። ሂዱ የሚል ፈቃድ ሆኖም ሊሰማ ይችላል። ተቆጣጣሪው ፈቃድ መስጠቱ እንዳልነበረ የሚያሳየው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ሁለት ሰከንድ ያህል ዝም ብሎ “ለመነሳት ተጠባበቁ፣ እጠራችኋለሁ” አለ። በዚያችው ቅጽበት ፓን አም “እኛ ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን” ሲል ገባ። በአንድ ሞገድ ሁለት ሬዲዮ እኩል ሲያወራ ሰሚው የሚያገኘው ፉጨት ነው። በኬኤልኤም ውስጥ ጥርት ብሎ የተሰማው “ኦኬ” ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ካፒቴን ያኮብ ፌልድሃውዘን ቫን ዛንተን መንደርደር የጀመሩት ረዳታቸው መመሪያውን አንብቦ ሳይጨርስ ነው። ስለዚህ “ኦኬ” አላስነሳቸውም። ያደረገው የተጀመረውን ስህተት የጸደቀ ማስመሰል ነው። ለእኔ አደገኛው ይኸው ነው፤ አጭር መልስ የሰሚውን እምነት ሳይፈትን ያጸናዋል።

ከዚያም የማቆሚያ ዕድል መጣ። ማማው ፓን አምን ማኮብኮቢያውን ሲለቅ እንዲያሳውቅ ሲጠይቅ የበረራ መሐንዲሱ ሰማና “ያ ፓን አሜሪካን አልወጣም እንዴ?” ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ ወጥቷል የሚል ጠንካራ ማረጋገጫ ሰጡ። የዚህ መልስ ፍቺ ግልጽ ነው። የጎደለው መሠረቱ ነው፤ ካፒቴኑ ፓን አም መውጣቱን ከማንም አልሰሙም። መሐንዲሱ መጠየቅ የነበረበት ቀጣይ ጥያቄ “መውጣቱን ማን ነገረን?” የሚለው ነበር። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ በተከሰተው ግጭት 583 ሰዎች ሞቱ።

የስፔን መርማሪዎች ዋናውን ምክንያት ያለ ፈቃድ መነሳት ሲሉ፣ የኔዘርላንድ ወገን የማማውንና የአብራሪዎቹን አለመግባባት አጉልቷል። ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ፤ ፈቃድ አልነበረም፣ አለመኖሩን የሚያሳውቅ ንግግርም በቅጡ አልደረሰም።

ዛሬ በአቪዬሽን ሬዲዮ “ሮጀር” ማለት ንግግርህን በሙሉ ተቀበልኩ ብቻ ነው፤ አዎ ወይም አይ ለሚፈልግ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ለ“አዎ” ራሱን የቻለ “አፈርም” የሚል ቃል አለ። ወደ ማኮብኮቢያ ለመግባት፣ ለማቋረጥም ሆነ ለመነሳት የተሰጠ መመሪያ ደግሞ በአጭር ቃል አይዘጋም፤ አብራሪው የጥሪ ስሙን ጨምሮ መልሶ ያነበዋል። ማማው “መነሳት” የሚለውን ቃል የሚጠራውም መነሳትን ሲፈቅድ ወይም የሰጠውን ፈቃድ ሲሰርዝ ብቻ ነው።