ቀድሞ ሊከፈል የሚችል ቦንድ የሚገዛ ሰው የትኛውን የትርፍ ምጣኔ ይመን?

አንዳንድ ቦንዶች አውጪው አካል የመክፈያ ጊዜያቸው ሳይደርስ ዋናውን ገንዘብ መልሶ ዕዳውን እንዲዘጋ የሚፈቅድ የውል አንቀጽ አላቸው። በአሜሪካ ግዛቶችና ከተሞች በሚያወጧቸው የረጅም ጊዜ ቦንዶች ላይ ይህ መብት የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ቦንዱ ከወጣ ከ10 ዓመት በኋላ ተፈጻሚ ይሆናል። በዚያ የሚኖሩ ዜጎች ቁጠባቸውን በእንዲህ ያለ ቦንድ ላይ ሲያውሉ ሁለት የትርፍ ምጣኔዎች ሊቀርቡላቸው ይችላሉ። አንደኛው ቦንዱ እስከ መጨረሻው ቀን ሲያዝ የሚገኘው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አውጪው ቀድሞ ሲከፍለው የሚገኘው ነው።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የተጻፈበት ዋጋ 1,000 ዶላር የሆነ፣ በየዓመቱ 80 ዶላር ወለድ የሚከፍልና 10 ዓመት የቀረው ቦንድ በገበያ 1,100 ዶላር ይሸጣል እንበል። አውጪው ከ3 ዓመት በኋላ 1,020 ዶላር ከፍሎ ሊዘጋው ይችላል። ቦንዱ 10 ዓመት ከቆየ ገዢው 800 ዶላር ወለድ ያገኛል፤ ከዋናው ገንዘብ ግን 100 ዶላር ያጣል። የትርፍ ምጣኔው 6.6 በመቶ ገደማ ነው። በ3ኛው ዓመት ከተከፈለ ግን ወለዱ 240 ዶላር ብቻ ሲሆን፣ ከዋናው 80 ዶላር ይጎድላል። ምጣኔው ወደ 5 በመቶ ይወርዳል።

ቦንዱ ከተጻፈበት ዋጋ በላይ የተሸጠው የገበያው ወለድ ከ8 በመቶ በታች ስለወረደ ነው። ይኸው ምክንያት አውጪውንም በርካሽ ተበድሮ ውዱን ዕዳ እንዲዘጋ ይገፋፋዋል። ስለዚህ የገበያው ወለድ ዝቅ እንዳለ ከቆየ፣ 6.6 በመቶው የሚገኘው አውጪው የራሱን ጥቅም ከተወ ብቻ ነው። ገዢውም ገንዘቡ የሚመለስለት አዲስ ቦንድ ዝቅተኛ ወለድ በሚከፍልበት ወቅት ነው።

ይህ ማለት ግን ቀድሞ በመከፈል ላይ የተመሠረተው ምጣኔ ሁልጊዜ አስተማማኝ ነው ማለት አይደለም። ያው ቦንድ በ920 ዶላር ቢሸጥ ምጣኔው በመጨረሻው ቀን ከተከፈለ 9.3 በመቶ፣ በ3ኛው ዓመት ከተከፈለ ግን 12 በመቶ ገደማ ይሆናል። የገበያው ወለድ ከፍ ባለበት ጊዜ አውጪው ርካሽ ዕዳውን ለመዝጋት አይቸኩልምና፣ በ12 በመቶው ላይ ተስፋ መጣል ስህተት ነው።

ስለሆነም ጠንቃቃ ገዢ ከሁለቱ ዝቅተኛውን ይይዛል፤ የመክፈያ ቀኖቹ ብዙ ከሆኑም ለእያንዳንዱ ተሰልቶ ከሁሉም ያነሰው ይወሰዳል። የአሜሪካ ደንብም የእነዚህ ቦንዶች ሻጮች ለደንበኛ በሚሰጡት የግብይት ማረጋገጫ ላይ በመርህ ደረጃ ዝቅተኛውን ምጣኔ እንዲያሰፍሩ ያስገድዳል። ሆኖም አንዳንድ ውሎች በቦንዱ ገንዘብ የተሠራው ሕንፃ በአደጋ ቢወድም የመሳሰሉ ልዩ ሁኔታዎች ሲፈጠሩ፣ ቦንዱ ከተወሰነው ቀን አስቀድሞ እንዲከፈል ይፈቅዳሉ። ዝቅተኛው ምጣኔ ይህን አያካትትም፤ ከተጻፈበት ዋጋ በላይ የሚከፍል ገዢ አንቀጹን በሽያጭ ሰነዱ ውስጥ ፈልጎ ማንበብ ይኖርበታል።