በጥቁሩ ፊደል ጠርዝ ላይ የምትቀረው ነጭ መስመር

አረንጓዴ ሽፋን ላይ በጥቁር የታተመ ርዕስ ያለበት መጽሐፍ ካገኛችሁ ፊደሎቹን ጠጋ ብላችሁ እዩአቸው። በአንደኛው ጎናቸው፣ ሁሉም ላይ በአንድ አቅጣጫ፣ ፀጉር የምታህል ነጭ መስመር ታዩ ይሆናል። አብዛኛው ሰው «ማሽኑ አርጅቷል» ብሎ ያልፈዋል። ማሽኑ ድርሻ የለውም አይባልም፤ መስመሯ የመውጣት ዕድል ያገኘችው ግን ሥራው ማተሚያ ቤት ሳይደርስ፣ ዲዛይነሩ ኮምፒውተር ላይ እያለ ነው።

ኦፍሴት ማሽን ባለቀለም ሥዕልን በአንዴ አያትምም። ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፕሌት አላቸው፤ ወረቀቱ በየተራ ከአራቱም ቀለም ይቀበላል። አራቱ ምስሎች ልክ አንዱ በአንዱ ላይ ማረፍ አለባቸው። ይህ ግን ሁልጊዜ አይሆንም፤ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ ያህል መዛነፍ በደህና ማሽን ላይም ያጋጥማል። ፕሌቱ ሲታሰር ጥቂት ሊዛነፍ ይችላል። ወረቀቱም ከማሽኑ ውሃ ስለሚጠጣ ይለጠጣል። በተለይ ባለ አንድ ቀለም ማሽን ላይ አራት ጊዜ የሚመላለስ ወረቀት በመሀል ሲያድር የክፍሉን እርጥበት እየወሰደ ወይም እየደረቀ መጠኑን ይቀይራል። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። ክፍተቱ በወረቀቱ ሁሉ ላይ በአንድ ጎንና በአንድ ስፋት ከታየ የፕሌት አቀማመጥ ነው፤ ባለሙያው አስተካክሎ ያርመዋል። ማሽኑ ወረቀቱን በሚይዝበት ጫፍ ደህና ሆኖ ወደ ጭራው እየሰፋ ከሄደ ግን ወረቀቱ ተለጥጧል። ያን ጊዜ አንዱን ጥግ ሲያስተካክሉት ሌላው ጥግ ይበላሻል።

ወደ አረንጓዴው ሽፋን እንመለስ። አረንጓዴው ሲያንና ቢጫ ተደራርበው የሰጡት ነው። ጥቁሩ ርዕስ ሲቀመጥበት ሶፍትዌሩ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንደኛው መንገድ ከሲያኑም ከቢጫውም ፕሌት ላይ የፊደሎቹን ቅርጽ ቆርጦ ማውጣትና ጥቁሩን በተፈጠረው ነጭ ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት ነው፤ የሙያው ሰዎች ኖክአውት ይሉታል። አሁን ሦስት ፕሌቶች በአንድ ጠርዝ ላይ መገናኘት አለባቸው። ሲያኑ ብቻ ቢንሸራተት በፊደሉ ጎን ቢጫ መስመር ይወጣል። ቢጫው ብቻ ከተንሸራተተ መስመሩ ሰማያዊ ይሆናል። ጥቁሩ ራሱ ከቀዳዳው ፈቀቅ ካለ ደግሞ ባዶው ወረቀት ነጭ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የመስመሩን ቀለም ያየ ሰው የትኛው ፕሌት እንዳጠፋ ያውቃል።

ሁለተኛው መንገድ ኦቨርፕሪንት ነው። አረንጓዴው ሳይቆረጥ ሙሉ ይታተማል፤ ጥቁሩ በላዩ ላይ ያርፋል። ቀዳዳ ስለሌለ ክፍተት አይኖርም። ጥቁሩ አንድ አስረኛ ሚሊሜትር ቢንሸራተት ፊደሉ አብሮ ይንሸራተታል እንጂ ማንም አይነቃበትም። ጥቁር ከሁሉም የጠቆረ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ቀለም መልኩን አያበላሸውም፤ እንዲያውም ያጠቁረዋል። ለአማርኛ ጽሑፍ ይህ ግዴታ ነው ብል አላጋነንኩም። በ10 ነጥብ የተጻፈ ፊደል ቀጫጭን ክፍሎቹ ከሩብ ሚሊሜትር ሊያንሱ ስለሚችሉ፣ ትንሿ መዛነፍ ከፊደሉ ውፍረት ጋር ትወዳደራለች።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ በራሱ አይሆንም? InDesign ላይ ይህ የሚሠራው [Black] ለተባለው፣ መቶ በመቶ ለሆነ ጥቁር ነው። ዲዛይነሩ ጥቁሩን 90 በመቶ ካደረገው ወይም የራሱን ሌላ ጥቁር ከፈጠረ ሶፍትዌሩ ወደ መቁረጥ ይመለሳል። ከዚህ የባሰው በኮምፒውተር ቀለም (RGB) የተጻፈ ጥቁር ነው። ወደ ኅትመት ቀለም ሲለወጥ ብዙ ጊዜ የሚወጣው C75 M68 Y67 K90 ነው፤ ማለትም አንዲት ቀጭን ፊደል በአራት ፕሌት ትሠራለች። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በማጉያ መነጽር ሲታይ ጠርዙ ሮዝና ሰማያዊ ጥላ አለው፤ ያለ መነጽር ደግሞ የደበዘዘ ይመስላል።

ኦቨርፕሪንት ለሁሉም አይበጅም። አንድ ትልቅ ጥቁር ርዕስ ግማሹ ቀይ ላይ፣ ግማሹ ነጭ ወረቀት ላይ ቢያርፍ የኅትመት ጥቁር ፍጹም ድፍን ስላልሆነ ሁለት ዓይነት ጥቁር ይታያል። ነጭ ጽሑፍ ላይ ኦቨርፕሪንት ከበራ ደግሞ ጽሑፉ ጨርሶ ይጠፋል፤ ነጭ ማለት ቀለም የሌለበት ቦታ ነውና። ቢጫ ፊደልን በሰማያዊ ላይ ኦቨርፕሪንት ካደረጉትም አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል።

ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲገጥሙ መፍትሔው ትራፒንግ ነው። አንዱን ቀለም በጥቂቱ አስፍቶ ከሌላው ሥር ማስገባት ማለት ነው። የሚሰፋው ምንጊዜም ፈዘዝ ያለው ነው፤ ዓይን የቅርጹን ጠርዝ የሚያነበው ከጠቆረው ቀለም ስለሆነ ቅርጹ የተለወጠ አይመስልም። ስፋቱም ትንሽ ነው፤ የInDesign መነሻ ልክ 0.25 ነጥብ፣ ማለትም ከአንድ አስረኛ ሚሊሜትር ትንሽ ያነሰ ነው። ከዚያ ብዙ ከሰፋ ራሱ ትራፑ መስመር ሆኖ ይታያል።

ትራፕ የት እንደሚያስፈልግ ለማየት የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ጥሩ መማሪያ ነው። በአራት ቀለም ሲታተም አረንጓዴው ከሲያንና ከቢጫ፣ ቀዩ ከማጀንታና ከቢጫ፣ መሀሉ ከቢጫ ብቻ ይሠራል። ቢጫው ፕሌት በሦስቱም ሥር ሳይቆራረጥ ስለሚያልፍ በመካከላቸው ነጭ ሊወጣ አይችልም፤ ትራፕም አያስፈልግም። ችግሩ የሚመጣው በክቡ ነው። ሰማያዊው ከሲያንና ከማጀንታ የተሠራ ነው፤ ቢጫ የለበትም። አረንጓዴውን በሚነካበት ቦታ ሲያን፣ ቀዩን በሚነካበት ቦታ ማጀንታ ይጋሩታል፤ ስለዚህ እዚያ የሚወጣው መስመር ነጭ ሳይሆን ባለቀለም ነው። ቢጫውን በሚነካበት ቦታ ግን የሚጋሩት አንዳች ቀለም ስለሌለ ነጩ የሚወጣው እዚያ ነው። በውስጡ ያለው ቢጫ ኮከብም እንዲሁ ነው። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ቢጫውን ጥቂት አስፍቶ ከሰማያዊው ሥር ማስገባት። ዲዛይነር እንዲህ የሚጋሩ ቀለሞችን አስቦ ከመረጠ ግማሹን ትራፕ ይገላገለዋል።

ማተሚያ ቤቶች በፋይሉ ላይ ትራፕ የሚያበጅ ሶፍትዌር ሊኖራቸው ይችላል፤ ካላቸው ዲዛይነሩ በእጁ ባይደርብበት ይመረጣል፤ መጀመሪያ መጠየቅ ነው። የጥቁሩን ጽሑፍ ግን ለማንም አትተዉት። በዲጂታል ፕሪንተር የወጣ ናሙና አይታችሁ አትርኩ፤ እሱ የኦፍሴቱን መዛነፍ አያሳይም። መጽሐፍ ወይም የሠርግ ጥሪ ልታሳትሙ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ዲዛይነሩ ፒዲኤፉን Acrobat ላይ ከፍቶ Output Preview ውስጥ Black የሚለውን እንዲያጠፋላችሁ ጠይቁ። ጽሑፉ ጠፍቶ የጀርባው ቀለም ሙሉ ሆኖ ከቀረ ደህና ነው። በፊደል ቅርጽ ነጭ ቀዳዳ ካያችሁ፣ ወይም ጽሑፉ በሌላ ቀለም እንዳለ ከቀጠለ፣ ፋይሉ ሳይታረም ፕሌት አይውጣበት።