አምስት ደቂቃ ከአለቆች ፊት

አንዲት መሐንዲስ የሚባክነውን የከተማ ውሃ ለማወቅ በአንድ ሰፈር መግቢያ ቧንቧ ላይ ቆጣሪ ማስተከል ፈለገች እንበል። ወሳኞቹ የፋይናንስና የአስተዳደር ኃላፊዎች ናቸው። ብዙዎቻችን ከቧንቧ ግፊት እንጀምርና ሦስት ደቂቃ ያልቃል፤ የምንጠይቀው ገንዘብ ግን ገና አልተነሳም።

እሷ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለጥያቄው ትስጠው፦ «ለአንድ ሰፈር ሙከራ የቆጣሪ መግዣ ይፈቀድልኝ።» ቀጥላ አንድ ሥዕል ብቻ ታሳይ፤ የአንድ ሌሊት የውሃ ፍሰት። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ሰው ተኝቷል፤ መስመሩ ግን አልወረደም። ኪሳራውንም በብር አስልታ ትናገር፤ «ኪዩቢክ ሜትር በሰዓት» ለፋይናንስ ኃላፊ ብዙም አይነግረውም።

አንድ ጥያቄ አይቀርላትም፦ «ሌሊት ሮቶ የሚሞላስ?» እውነት ነው፣ ብዙ ቤት ይሞላል። ስለዚህ በዚያው ሌሊት የተወሰኑ ቤቶችን ቆጣሪ አስነብባ፣ የሚሞላውን ገምታ ከፍሰቱ ትቀንሰው። ይህን ሳታደርግ ብትቀርብ፣ ያ አንድ ጥያቄ ሥዕሏን ዋጋ ያሳጣዋል።

ከዋዜማው ደግሞ ለሙያው ባዕድ ለሆነ ጎረቤት በአራት ደቂቃ ታቅርብለት፤ አንዷ ደቂቃ ለጥያቄ ትቅር። ሲያበቃ «ምን ጠየቅሁ? በስንት ብር?» ትበለው። ከተደናገረ መስተካከል ያለበት ያው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው።