ከጉድጓዱ የራቀው ይቅደም?

አንድ የጎልፍ ዙር አሥራ ስምንት ጉድጓድ ነው። አራት ሰዎች አብረው ቢጫወቱና እያንዳንዳቸው ዙሩን በ90 ምት ቢጨርሱ፣ በጠቅላላው 360 ጊዜ ኳስ ይመታል። ከእያንዳንዱ ምት በፊት አሥር ሰከንድ ብቻ በከንቱ ብትባክን 3,600 ሰከንድ፣ ማለትም ድፍን አንድ ሰዓት ትሆናለች። ያም ሰዓት የአራቱ ብቻ አይደለም። በብዙ ሜዳዎች በየአሥር ደቂቃው ገደማ አዲስ ቡድን ይነሳል፤ መተላለፊያ የሌለው ጉዞ ስለሆነ ከፊት ያለው ሲቆም ከኋላው ያሉት ሁሉ ይቆማሉ። ከሰዓት በኋላ የሚጀምሩት ሰዎች ጠዋት የተጠራቀመውን መዘግየት ይረከባሉ።

ብዙ ጀማሪዎች ዘገምተኛ የሚባሉት ቀስ ብለው ስለሚመቱ ይመስላቸውና ምታቸውን ያጣድፋሉ። ይህ ጨዋታውን ከማበላሸት በቀር ምንም አያተርፍም፤ ምቱ ራሱ የሚፈጀው ከሁለት ሰከንድ አይበልጥምና። ጊዜው የሚጠፋው ከዚያ በፊት ነው። ሰውየው ጓደኛው እስኪመታ ቆሞ ያያል፤ ተራው ሲደርስ ጓንቱን ይፈልጋል፣ ርቀቱን ይለካል፣ የትኛውን መምቻ እንደሚያነሳ ማሰብ ይጀምራል። የጨዋታውን ሕግ የሚያወጡት የስኮትላንዱ አር ኤንድ ኤ እና የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር፣ ተጫዋች መምታት ከሚችልበት ጊዜ ጀምሮ ከ40 ሰከንድ በላይ እንዳይወስድ ይመክራሉ። አርባ ሰከንድም ቢሆን ጣሪያው ነው እንጂ የተለመደው አይደለም።

የተራው ነገር ጥንታዊ ነው። በ1744 የኤድንብራ ተጫዋቾች በሊዝ ሜዳ ለውድድር አሥራ ሦስት ደንቦች ሲጽፉ፣ ኳሱ ከጉድጓዱ የራቀበት ሰው አስቀድሞ የመምታት ግዴታ እንዳለበት አስፍረዋል። ያ ልማድ ዛሬም አለ። ጉድጓዱ ሲጀመር፣ ቲ በሚባለው መነሻ ቦታ ላይ፣ ባለፈው ጉድጓድ አነስተኛ ምት ያስመዘገበው ቀዳሚ ነው፤ በመጀመሪያው ጉድጓድ ደግሞ በወጣው ዝርዝር ወይም በዕጣ ይወሰናል። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ የራቀው ይቀድማል። ከ2019 ወዲህ ግን ሕጉ ራሱ ምት በሚቆጠርበት ጨዋታ አደጋ እስከሌለው ድረስ የተዘጋጀው ሰው ተራ ሳይጠብቅ እንዲመታ ያበረታታል። ተጫዋቾች ይህንን «ሬዲ ጎልፍ» ይሉታል።

በተግባር እንየው። 350 ሜትር በሚረዝም ጉድጓድ አራት ሰዎች ቆመዋል እንበል፦ ኳስ 220 ሜትር የሚያደርስ ወጣት፣ 140 ሜትር የምትመታ ሴት፣ አንድ አዛውንትና አንድ ጀማሪ። ቀዳሚነቱ የወጣቱ ነው፤ ከፊት ያለው ቡድን ግን ገና 200 ሜትር ላይ ነው። ወጣቱ ቢመታ ሰው ሊመታ ይችላል፤ ሴትየዋ ግን ወደ እነሱ አትደርስም። ስለዚህ «እኔ ልምታ» ብላ ትቀድማለች፤ አዛውንቱም እንደ እሷ አጭር መቺ ናቸውና ይከተላሉ። እነሱ እስኪጨርሱ ከፊት ያሉት ይርቃሉ፤ ወጣቱም ሳይጠብቅ ይመታል።

ጀማሪው ኳሱን ወደ ቁጥቋጦ ሰደደው። እዚህ ላይ አንዲት ቃል ብዙ ደቂቃ ታድናለች። ከመነሻው ሳይለቅ «ይህ ፕሮቪዥናል ነው» ብሎ ተጠባባቂ ኳስ መምታት አለበት። ሳይናገር ቢመታ ሁለተኛው ኳስ ከነቅጣት ምቱ ዋናው ኳሱ ይሆናል፤ ተጠባባቂ ሳይመታ ሄዶ ኳሱን ቢያጣው ደግሞ እስከ መነሻው ተመልሶ የኋላውን ቡድን ያስቆማል። ፍለጋው የሚፈቀደው ለሦስት ደቂቃ ነው፤ ከ2019 በፊት አምስት ነበር። ሦስቱ ጓደኞቹ በሙሉ ቁጥቋጦ ውስጥ መግባታቸው ደግነት ቢመስልም ልክ አይመስለኝም። አስቀድመው የራሳቸውን ኳስ መትተው ከዚያ ቢያግዙት ይሻላል።

ይህ ሁሉ ነፃነት ግን ሁለት ወገን ጉድጓድ በጉድጓድ በሚሸናነፍበት ማች ፕሌይ አይሠራም። እዚያ ተራ የጨዋታው አካል ነው፤ ያለተራው የመታን ሰው ምት ተጋጣሚው ወዲያው ሊሰርዘው ይችላል። በ2000 ስኮትላንድ ሎክ ሎመንድ ላይ አውሮፓና አሜሪካ ለሶልሃይም ዋንጫ ሲጋጠሙ የሆነው ይህ ነው። ስዊድናዊቷ አኒካ ሶረንስታም በአሥራ ሦስተኛው ጉድጓድ ከሜዳው ጠርዝ የመታችው ኳስ ቀጥ ብሎ ጉድጓዱ ገባ። ተጋጣሚዎቿ ኬሊ ሮቢንስና ፓት ኸርስት ግን ተራው የነሱ እንደነበር ተናግረው ምቱን አሰረዙት። ስትደግመው ሳተች፤ አለቀሰችም። አሜሪካውያኑ ስፖርታዊነት ጎድሏቸዋል ተብለው ብዙ ተወቅሰዋል፤ በሕጉ ግን መብታቸው ነበር። ስለዚህ በማች ፕሌይ መቅደም የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተጋጣሚውን ይጠይቃል፤ በስምምነት ከሆነ ምቱ አይሰረዝም።

ወደ አራቱ እንመለስ። ወጣቱ ሁለተኛ ምቱን ሲመታ መምቻው መዳፍ የሚያህል ሣር ከነአፈሩ ቦጭቆ ወረወረ። ዲቮት የሚባለው ይህ ነው፤ ኋላ የሚመጣ ሰው ኳስ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ቢያርፍ ከገባበት ይመታታል እንጂ ያለቅጣት አያወጣውም። አጠጋገኑ የሚወሰነው በሣሩ ዓይነት ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ነው። በቀዝቃዛ አገር ሣር የተቦጨቀው ቁራጭ ከነአፈሩ ሳይበተን ከተገኘ ወደ ቦታው መልሶ በእግር ጠበቅ አድርጎ መርገጥ ነው፤ ሥሩ እንደገና ይይዛል። በሞቃት አገር ሜዳዎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያለው እኛ በግቢያችን የምናውቀው ሰርዶ ነው። የሰርዶ ቁራጭ ተመልሶ ቢቀመጥም አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ይቀራል። ጉድጓዱ በአሸዋ ሲሞላ ግን ከዳር ያለው ሰርዶ እየተሳበ ይሸፍነዋል። ጋሪው ላይ የአሸዋ ጠርሙስ ከተንጠለጠለ የሜዳው ሰዎች የሚፈልጉት ይህን ነው ማለት ነው። አሸዋው ከመሬቱ እኩል ሆኖ በጫማ ይደለደላል፤ ከፍ ካለ የማጨጃውን ምላጭ ያደንዛል።

ባንዲራው ወዳለበት፣ ሣሩ አጥሮ ወደሚታጨደው ግሪን ሲደርሱ ከሩቅ የመጣው ኳስ ያረፈበት ቦታ ሰርጉዶ ይገኛል። ሰዎች ሹካ መሰሏን መሣሪያ ከሥር አስገብተው ወደ ላይ ይፈነቅሉታል፤ ይህ ሥሩን ይበጥሰዋል፣ በቀናት ውስጥም ቡናማ ክብ ሆኖ ይታያል። ትክክለኛው መሣሪያውን ከስርጉዱ ውጭ ባለው ዳር ሰክቶ ሣሩን ዙሪያውን ወደ መሐል መግፋት፣ ከዚያም በመምቻ መታ መታ አድርጎ ማስተካከል ነው። አሥር ሰከንድ አይፈጅም፤ ሌላው እየመታ ሳለ ስለሚሠራም ከማንም ጊዜ አይቀንስም። ጓደኛ የሚመታበትን መስመር ግን አለመርገጥ፣ ሊመታ ሲልም መንቀሳቀስና ማውራት ማቆም ያስፈልጋል።

አዛውንቱ ለረጅሙ ምታቸው መሬቱን እያጠኑ ሳለ፣ ከጉድጓዱ ግማሽ ሜትር የቀራት ሴት ጠይቃ ትጨርሳለች። ከ2019 ወዲህ ባንዲራው ሳይነቀል ኳስ ማስገባት ስለተፈቀደ እሱንም የሚጠብቅ የለም። ቦርሳዎቹ ቀድሞውኑ ወደ ቀጣዩ መነሻ በሚወስደው ወገን ተቀምጠዋል። ወጣቱ ካርዱን አውጥቶ ውጤት ሊጽፍ ሲል አዛውንቱ በእጃቸው ምልክት ሰጡት፦ ከኋላ ያሉት 130 ሜትር ላይ ቆመው ግሪኑ እስኪለቀቅላቸው ይጠብቃሉ። ካርዱ ቀጣዩ መነሻ ላይ ሆነው ሌላው ሲመታ ተሞላ።