ሥራ አስኪያጁ የሚጠየቅበት ወጪ የትኛው ነው?

የሒሳብ ክፍሉ በየወሩ የሚያቀርበው የበጀትና የክንውን ማነጻጸሪያ ሲገለጥ፣ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ትልቁ ልዩነት ላይ ነው። ስብሰባውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያልቃል።

አንድ ዳቦ ቤት እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። ለዱቄት 1,600,000 ብር ተይዞ 1,940,000 ብር ወጥቷል። ለማከፋፈያ መኪኖች ነዳጅ 120,000 ተይዞ 168,000 ወጥቷል። ለማሽን ጥገና 60,000 ተይዞ ምንም አልወጣም። ቤቱ የሚከተለው ደንብ ልዩነቱ ከ10 በመቶም ከ15,000 ብርም ከበለጠ ኃላፊው ማብራሪያ ይስጥ የሚል ነው።

የዱቄቱ 340,000 ብር ያስደነግጣል። ነገር ግን በዚያ ወር የተጋገረው ዳቦ ከዕቅዱ 20 በመቶ ይበልጣል። ብዙ የጋገረ ብዙ ዱቄት ይፈጃልና በጀቱን በዚያው ልክ ከፍ ስናደርገው 1,920,000 ይሆናል። የቀረው ልዩነት 20,000 ብር፣ አንድ በመቶ ገደማ ነው። ለዚህ ወር ይለፍ፤ በቀጣዮቹ ወራትም በዚያው አቅጣጫ ከደገመ ግን ብክነት ሊሆን ስለሚችል ይጠየቅበታል።

ነዳጁ ሌላ ነው። በ20 በመቶ ብናሳድገውም 144,000 ነው፤ 24,000 ብር ትርፍ ወጥቷል። ይህን ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። ዕቅዱ 1,200 ሊትር በ100 ብር ነበር፤ የተገዛው 1,600 ሊትር በ105 ብር ነው። የዋጋው ጭማሪ 8,000 ብር ወስዷል። በኢትዮጵያ የነዳጅ ዋጋ በመንግሥት ስለሚወሰን በዚህ የስምሪት ኃላፊውን መውቀስ አይገባም። ለሥራው ይበቃ የነበረው 1,440 ሊትር ስለሆነ ግን የ160 ሊትሩ፣ ማለትም የ16,000 ብሩ፣ መልስ የእሱ ነው። እንዲያውም 20 በመቶው ለእሱ ማዳላት ነው፤ ቀድሞ ሳይሞላ ይወጣ የነበረ መኪና ለተጨማሪው ዳቦ ሌላ ምልልስ አያስፈልገውም። "ነዳጅ ተወዷል" ብሎ ቢመልስ የጉዞ መዝገቡንና የኪሎ ሜትር ንባቡን ይዞ እንዲመጣ ይነገረው።

በእኔ እምነት ከሁሉ ይልቅ የሚታለፈው ጥገናው ነው። 60,000 ብር "ቁጠባ" ተብሎ በሪፖርቱ ላይ ያምራል። ሆኖም ጥገናው ተከናውኖ ደረሰኙ ካልመጣ ወጪው ለወሩ መመዝገብ ነበረበት፤ አለዚያ የሚቀጥለው ወር ሪፖርት ያለጥፋቱ ይከፋል። ጥገናው ካልተደረገ ደግሞ ምድጃው ሳይፈተሽ፣ ያውም ከዕቅድ በላይ እየጋገረ ከርሟል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከቁጥሩ አይታወቅም።

ስለዚህ በዚህ ወር ማብራሪያ የሚጠየቁት የስምሪትና የጥገና ኃላፊዎች ናቸው። የዱቄት ገዢው ወደ ሥራው ይመለስ።