ከሳጥን ወደ ስም

ወደ አሜሪካ በአውሮፕላን የሚገባ መንገደኛ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ በወረቀት ይሞላው የነበረውን አይ-94 ቅጽ የሚያስታውስ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል፤ በየሳጥኑ አንድ ካፒታል ፊደል ነው። የእጅ ጽሑፍን በኮምፒውተር ለማንበብ አስቸጋሪው ነገር አንዱ ፊደል የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ማወቅ ነው። ሳጥኑ ይህን ሥራ ለጸሐፊው ይሰጠዋል።

ስካን የተደረገው ቅጽ በማዕዘኖቹ ላይ በታተሙት ጥቁር ምልክቶች እየተመራ ይቃናል። ከዚያ እያንዳንዱ ሳጥን ተቆርጦ ፊደል ለመለየት ለሠለጠነ ፕሮግራም ይቀርባል።

ብዙ ስህተት የሚወለደው ግን ፕሮግራሙ ገና ፊደሉን ሳያይ፣ ከሳጥኑ መስመር ነው። ቅጹ ስካነሩ በማያየው ፈዛዛ ቀለም ከታተመ መስመሩ ይጠፋና የብዕሩ ቀለም ብቻ ይቀራል። አመልካቹ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ከሞላው ግን መስመሩ ጥቁር ይሆናል፣ በፕሮግራም መፋቅም ግድ ይላል። የ E የታችኛው እግር መስመሩ ላይ ካረፈ አብሮ ይፋቃል፤ E የነበረው F ሆኖ ይነበባል፣ L ደግሞ I ይሆናል። ብልሽቱ የሚታወቀው ከአንድ ቅጽ ሳይሆን ከክምሩ ነው፤ በስም ረድፍ ውስጥ F ከወትሮው ሲበዛና E ሲያንስ መጠርጠር ያለበት መስመር አጥፊው ነው።

ፊደላቱ ከታወቁ በኋላ ስሙን መልሶ መገጣጠም ይቀራል። ከ100 ፊደል 99ኙን በትክክል የሚያነብ ፕሮግራም ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን 20 ፊደል ባለው ሙሉ ስም ላይ ስህተቶቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ ከ100 ስሞች ያለ እንከን የሚወጡት 82 ያህል ብቻ ናቸው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ለየሳጥኑ አንድ መልስ ሳይሆን አማራጮችን ከነግምታቸው እንዲሰጥ ይደረጋል። ባዶ ሳጥንም ይቆጠራል፤ በሁለት ቃላት መካከል ከሆነ ክፍተት ነው፣ ከመጨረሻው ፊደል በኋላ ከሆነ የስሙ ማብቂያ ነው።

A1MA2 ተብሎ የተነበበን ስም እንውሰድ። ረድፉ የስም ስለሆነ ቁጥር አይገባበትም፤ 2 ወደ Z ይመለሳል፣ 1 ደግሞ I ወይም L ሊሆን ይችላል። የስም መዝገቡ AIMAZን አያውቅም፣ ALMAZን ያውቃል፤ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ይሁንና መዝገቡ የአሜሪካውያን ስም ብቻ የተሞላ ከሆነ ይኸው ዘዴ ያሳስታል፤ በትክክል የተነበበን የሐበሻ ስም ወደሚያውቀው ቅርብ ስም ይጎትተዋል።

የመጨረሻው ፊደል በ A እና በ E መካከል ሲያወላውል ደግሞ ABERA እና ABERE ሁለቱም እውነተኛ ስሞች ናቸው፤ የተሟላ መዝገብ እንኳ አይፈርድም። እንዲህ ያለው ረድፍ በፕሮግራሙ ግምት መዘጋት የለበትም። የሳጥኖቹ ምስል ሙሉውን፣ አንዷ ፊደል ተነጥላ ሳትቆረጥ፣ ለሰው ዓይን ይቅረብ፤ ሰው ያቺን ፊደል የሚለያት በዚያው እጅ የተጻፉትን ሌሎቹን A እና E እያየ ነውና።