የወለድ ስዋፕ

የወለድ ስዋፕ ሁለት ወገኖች ቋሚና ተለዋዋጭ የወለድ ክፍያዎችን የሚለዋወጡበት ውል ነው። ዋናው ገንዘብ ለስሌት ብቻ ያገለግላል፤ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም።

ተለዋዋጭ ወለድ የሚፈልግ አንድ ባንክ በቋሚ 5%፣ በተለዋዋጭ ደግሞ ሶፈር (የዶላር የአንድ ሌሊት ብድር ተመን) ሲደመር 0.2% መበደር ይችላል እንበል። ቋሚ ወለድ የሚፈልግ ፋብሪካ በቋሚ 6.4%፣ በተለዋዋጭ ሶፈር ሲደመር 0.8% ይጠየቃል። ባንኩ በሁለቱም ይረክስለታል፤ ነገር ግን ልዩነቱ በቋሚው 1.4%፣ በተለዋዋጩ 0.6% ብቻ ነው። ስለዚህ የፋብሪካው አንጻራዊ ብልጫ በተለዋዋጩ ነው፤ የሚከፋፈሉትም ትርፍ 0.8% ይሆናል።

ባንኩ በቋሚ፣ ፋብሪካው በተለዋዋጭ ይበደራሉ። ከዚያ ፋብሪካው ለባንኩ 5.2% ሲከፍል ባንኩ ሶፈርን ይከፍለዋል። በመጨረሻ የባንኩ ወጪ ሶፈር ሲቀነስ 0.2%፣ የፋብሪካው 6% ይሆናል፤ እያንዳንዳቸው 0.4% አተረፉ። ስሌቱ በ100 ሚሊዮን ዶላር ቢሆንና የዓመቱ ሶፈር 4% ቢሆን፣ የሚከፈለው የተጣራው ልዩነት ብቻ ነው፦ ፋብሪካው ለባንኩ 1.2 ሚሊዮን ዶላር።

የፋብሪካው 6% ግን የሚጸናው አበዳሪው ብድሩን ሲያድስ የ0.8% ጭማሪውን ከፍ እስካላደረገ ድረስ ነው፤ ከትርፉ ከፊሉ የዚህ ስጋት ዋጋ ነው።